ዲቪ አስሞልቶ ብጣሽ ወረቀት ይዞ መውጣት

«ባህር ዳር ፔዳ አካባቢ አንድ ኢንተርኔት ቤት ዲቪ 2026 አስሞላሁ። ኢሜይል ስለሌለኝ ልጁ በራሱ ኢሜይል ሞላልኝ። ሲጨርስ ፕሪንተሩ ቀለም የለውም ብሎ ቁጥሩን በብጣሽ ወረቀት ጻፈልኝ፤ የከፈልኩበትን ደረሰኝም ሰጠኝ። ጓደኛዬ ‹ቁጥር ከወጣልሽ ደርሶሻል ማለት ነው› ትለኛለች። ቁጥሩን ሳስገባ ግን ስህተት ነው ይላል። ከደረሰኝ ኤምባሲው ይደውልልኛል አይደል? ማስረጃ ብዬ መያዝ የነበረብኝስ ምንድን ነው?» — ከዘጌ

ቁጥር ወጣልሽ ማለት ደረሰሽ ማለት አይደለም። ኤምባሲውም አይደውልልሽም። ሁለቱን አስቀድሜ የምናገረው፣ ሰው ከእነዚህ አንዱን አምኖ ቁጭ ሲል ጊዜው ስለሚያልፍበት ነው።

ዲቪ ሞልቶ ያስገባ ሰው ሁሉ ቁጥር ይሰጠዋል። የደረሰውም፣ ያልደረሰውም፣ ፎቶው የተበላሸውም፣ ሁለት ጊዜ ሞልቶ የሚሰረዘውም። ፎርሙ ሲላክ የሚመጣው ገጽ «ማመልከቻህን ተቀብያለሁ» ነው የሚለው። ከዚያ አያልፍም። ስለዚህ ጓደኛሽ ያለችው ልክ አይደለም፤ ግን አትፍረጂባት፣ እኔ ጋ ከሚመጣው ሰው ግማሹ የሚለው ይህንኑ ነው።

ከኤምባሲው ስልክ መጠበቁ ግን የባሰ ነው። የዲቪ ውጤት በስልክ አይነገርም፣ ደርሶሃል የሚል ደብዳቤ በፖስታ አይመጣም፣ በኢሜይልም አይላክም። ውጤት የሚታየው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ ፎርሙ የተሞላበት ድረ ገጽ፣ dvprogram.state.gov ላይ፣ Entrant Status Check የሚለው ጋ። እዚያ ገብቶ የሚያየው ራሱ አመልካቹ ነው። ያላየ ሰው ቢደርሰውም አያውቅም። «እንኳን ደስ አለዎት፣ ይህን ያህል ዶላር ይላኩ» የሚል ኢሜይል ከመጣልሽ ሌባ ነው። የአሜሪካ መንግሥት ስለ ዲቪ ኢሜይል ቢጽፍ እንኳ አድራሻው የሚያልቀው በ .gov ነው።

አሁን ወደ ገጹ እንምጣ። አንቺ ሳታዪው ስለወጣሽ ምን እንደሚመስል ልንገርሽ። ፎርሙ ተልኮ ሲያልቅ ማስገባትሽ መሳካቱን የሚናገር አንድ ገጽ ይመጣል። እዚያ ላይ ስምሽ አለ። Confirmation Number የሚል አለ። የትውልድ ዘመንሽ አለ፤ ቀኑና ወሩ ሳይሆን ዓመቱ ብቻ። ከዚያ Digital Signature የሚል በጣም ረጅም የፊደልና የቁጥር ድርድር አለ። ይኸው ነው። ባልሽ፣ ልጆችሽ፣ ፎቶሽ፣ ኢሜይልሽ እዚያ ላይ አይወጡም።

ረጅሙ ድርድር ብዙ ሰው ያሳስታል። ትልቅ ነገር ስለሚመስል እሱን በጥንቃቄ ገልብጠው ዋናውን ቁጥር የሚተዉ አሉ። ውጤት ለማየት የሚጠየቀው እሱ አይደለም። የሚጠየቀው Confirmation Number ነው። እሱ ደግሞ 16 ፊደልና ቁጥር ነው፤ የመጀመሪያዎቹ አራቱ የዙሩ ዓመት ናቸው። የዲቪ 2026 ከሆነ 2026 ብሎ ይጀምራል። እንዲህ ያለ ነገር ነው፣ ይህን እኔ ለምሳሌ የፈጠርኩት ነው፦

```
20263C8B1F0D95A7
```

እስቲ ይህንን አንድ የተጣደፈ ልጅ በእስክሪብቶ ሲጽፈው አስቢው። 8 እና B ተጠጋግተው ነው ያሉት። 1 ወደ I ይሄዳል። 0 ከ D አጠገብ ስላለ O ይሆናል፣ አንዳንዴም ራሱ D ይመስላል። 5 እና S በእጅ ጽሑፍ መንታ ናቸው። አንድ ፊደል ከተዘለለ ደግሞ ጨርሶ አይሠራም። እንግዲህ «ስህተት ነው ይላል» ያልሽኝ መጀመሪያ እዚህ ጋ ነው የሚጠረጠረው። ወረቀቱን አውጪና ቁጠሪ። 15 ከሆነ ወይም 17 ከሆነ ሌላ ምክንያት አትፈልጊ። 16 ከሆነ የሚያጠራጥሩትን ፊደሎች አክብቢና አንድ በአንድ እየቀያየርሽ ሞክሪ። ሁሉንም ባንዴ አትቀያይሪ፣ የቱን እንደሞከርሽ ይጠፋብሻል።

አንድ ነገር ልብ በይ። ስህተት ማለት «አልደረሰሽም» ማለት አይደለም። አልደረሰሽም የሚለው መልስ የራሱ የታወቀ ዓረፍተ ነገር አለው፤ መሀሉ ላይ HAS NOT BEEN SELECTED የሚል በትልልቅ ፊደል ይወጣል። እሱን እስካላየሽ ድረስ ገጹ መልስ አልሰጠሽም። መረጃው አልገጠመለትም፣ ያ ብቻ ነው።

ደግሞ የማይገጥመው ቁጥሩ ላይሆን ይችላል። Entrant Status Check ከቁጥሩ ሌላ ሁለት ነገር ይጠይቃል፤ Last/Family Name እና የትውልድ ዓመት። ከዚያ ምስሉ ላይ የሚታየውን ፊደል መጻፍ ነው። እኛ አገር ችግር የሚፈጠረው እነዚህ ሁለቱ ላይ ነው፣ ከቁጥሩ እኩል።

ስሙን እንየው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ የራስ ስም፣ የአባት፣ የአያት ነው ያለን። ፎርሙ ደግሞ Last/Family Name ካላለ አይሆንለትም። ስለዚህ አንዱ ኢንተርኔት ቤት አያትሽን እዚያ ይጽፋል፣ ሌላው አባትሽን ይጽፍና አያትሽን ይተዋል። ሁለቱንም አይቻለሁ። አንቺ የአያትሽን ስም ስታስገቢ እሱ የሞላው የአባትሽን ከሆነ አይገጥምም። አጻጻፉም አለ። አየነው የሚለውን አንዱ Ayenew ይለዋል፣ ሌላው Ayenewu። ማሽኑ ደግሞ አማርኛ አያውቅም፣ ፊደል ነው የሚያየው። በገጹ ላይ ስምሽ የወጣበትን መንገድ በዓይንሽ ብታዪው ኖሮ ይህ ሁሉ ግምት አያስፈልግም ነበር። ገጹን ያዙ የምንለው ለቁጥሩ ብቻ አይደለም።

የትውልድ ዓመቱ ደግሞ ሌላ ጣጣ ነው። እንበልና ሐምሌ 1992 ነው የተወለድሽው። ይህ በፈረንጆቹ 2000 ነው፤ ከጥር ወዲህ የተወለደ ሰው ላይ 8 ይደመራል። ጥቅምት 1992 ብትወለጂ ኖሮ ግን 1999 ነበር፣ ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ አጋማሽ የሚደመረው 7 ነውና። ታኅሣሥ መጨረሻ ላይ የተወለደ ሰው ካሌንደር አይቶ ቢያረጋግጥ ይሻለዋል፣ የፈረንጆቹ አዲስ ዓመት እዚያው ወር ውስጥ ነው የሚገባው። የሞላልሽ ልጅ ምን አደረገ? ሳያስብ በሁሉም ላይ 7 ደምሮ ይሆናል። አንዳንዱ ጭራሽ 1992ን እንዳለ ያስገባዋል። እንግዲህ ስትሞክሪ 2000፣ ከዚያ 1999፣ ከዚያ 1992 ብለሽ ሞክሪ። የአንቺን ዓመት በዚሁ ሒሳብ አውጪው።

እዚህ ላይ ደስ የማይል ነገር መናገር አለብኝ። በ1992 ገጥሞ ከተከፈተልሽ፣ ማመልከቻሽ ውስጥ ያለው ልደት የተሳሳተ ነው ማለት ነው። ውጤቱን ማየት ትችያለሽ። ቢደርስሽ ግን ፓስፖርትሽና ማመልከቻሽ አይመሳሰሉም፣ ቃለ መጠይቁ ላይ ይነሳል። የተላከ ፎርም ደግሞ ተመልሶ አይታረምም። ልደት ለማስተካከል ብሎ በዚያው ዙር እንደገና መሙላትም አይቻልም፤ አንድ ሰው በአንድ ዙር ከአንድ በላይ ካስገባ ሁለቱም ይሰረዙበታል።

ይህን «እንደገና መሙላት» የሚባለውን ነገር ትንሽ ላብራራው፣ መብራት ብልጭ ድርግም በሚልበት ከተማ ላይ በየዓመቱ የሚጠየቅ ስለሆነ። ልጁ ላክ የሚለውን ሲጫን መብራት ሄደ እንበል። ወይ ኔትወርኩ ተንጠለጠለና ነጭ ገጽ ቀረ። ገብቷል ወይስ አልገባም? መልሱ ግልጽ ነው። ቁጥሩ ያለበት ገጽ ካልመጣ ማመልከቻው አልተመዘገበም። እንደገና መሙላት ይቻላል፣ እንደ ድርብ አይቆጠርም። ገጹ አንድ ጊዜ ከመጣ ግን አበቃ፣ ሌላ አይሞላም። ወረቀቱ ስለጠፋ፣ ፕሪንት ስላልተደረገ፣ ቁጥሩ ስላልተነበበ ተብሎ እንደገና አይሞላም። ያንቺ ቁጥር በእጅም ቢሆን ስለተጻፈልሽ ገጹ መጥቶ ነበር ማለት ነው፣ ልጁ ቁጥሩን ከአየር አልፈጠረውም ብለን ካመንን። ማመን ደግሞ ግድ አይደለም፤ ወረድ ብዬ እመለስበታለሁ።

ደረሰኙን እርሺው። የኢንተርኔት ቤቱ ደረሰኝ ገንዘብ መክፈልሽን ነው የሚያሳየው። ዲቪ 2026 ሲሞላ የአሜሪካ መንግሥት ለማመልከቻው ሳንቲም አላስከፈለም፤ የከፈልሽው ለልጁ ድካም ነው። ከዚያ ወዲያ ላሉት ዙሮች በፈረንጆቹ 2025 በወጣ ደንብ 1 ዶላር የምዝገባ ክፍያ ገብቷል። ቢሆንም የከፈልሽበት ወረቀት ፎርሙ መላኩን አይመሰክርም፣ Confirmation Number የሚለውንም አይተካም። ደረሰኙ ላይ ያለውን ቁጥር ውጤት ማያው ላይ ሲሞክሩ የዋሉ ሰዎች ስላሉ ነው ይህን የምለው።

ሌላ የሚምታታ ቁጥር አለ፣ ኬዝ ነምበር የሚሉት። እሱን የሚያገኘው የደረሰው ሰው ብቻ ነው። Entrant Status Check ላይ ገብቶ ተመርጠሃል የሚል ደብዳቤ ሲከፈትለት እዚያ ላይ ያየዋል። ከዓመቱ ቀጥሎ AF አለበት፣ አፍሪካ ለማለት፤ 2026AF ብሎ ቁጥር ይከተላል። ቀጣዩ ፎርም DS-260 የሚሞላው በእሱ ነው። ስለዚህ አንድ ሰው «ቁጥር አለኝ» ሲልሽ AF ያለበት ነው ወይስ የለበትም ብለሽ ጠይቂው። ከሌለበት ገና ውጤቱን አላየም። AF ኖሮትም ቪዛ ይዟል ማለት አይደለም፤ የሚመረጠው ሰው ከሚሰጠው ቪዛ ይበልጣል፣ በሕጉ በዓመት የሚሰጠው እስከ 55 ሺህ ነው።

አሁን አንቺ ምን ታድርጊ? ወረቀቱን ቆጥረሽ፣ ስሙንና ዓመቱን ቀያይረሽ ካልሆነ፣ ዘጌ ሆነሽ የምትጨርሺው ጉዳይ አይደለም። ባህር ዳር ግቢና ልጁን በአካል አግኚው። በስልክ «እሺ አያለሁ» ብሎ ይረሳል።

ስትሄጂ ኮምፒውተሩ ላይ ገጹን ከሂስቶሪ ፈልጎ እንዲከፍትልሽ አትጠብቂ። ሊንኩ ቢገኝ እንኳ ያ ገጽ ተመልሶ አይከፈትም፣ የፎርሙ መጀመሪያ ነው የሚመጣው። መፈለግ ያለበት ሌላ ቦታ ነው። Downloads ውስጥ ፒዲኤፍ አድርጎ ይዞት ይሆናል። ብዙዎቹ ኢንተርኔት ቤቶች የደንበኛ ገጽ በስልካቸው ያነሳሉ ወይ ቴሌግራም ላይ ለራሳቸው ይልካሉ። ጥቁር ደብተር ላይ በስምና በስልክ የሚመዘግብም አለ። የሞላበትን ቀን ንገሪው። የዲቪ 2026 ማስገቢያ የተከፈተው በ2017 መስከረም መጨረሻ ገደማ ነው፣ የተዘጋው ጥቅምት ሳያልቅ ነው፤ ስለዚህ የሚያገላብጠው ፋይል ያን ያህል ብዙ አይደለም።

እዚያም ከሌለ የቀረው መንገድ አንድ ነው። ውጤት ማያው ገጽ ላይ Forgot Confirmation Number የሚል አለ። ዙሩን ትመርጪያለሽ፣ ከዚያ ስም፣ ሙሉ የልደት ቀንና ማመልከቻው ላይ የተጻፈውን ኢሜይል ይጠይቃል። ችግሩ ይታይሻል? ኢሜይሉ የእሱ ነው። ስንት ኢሜይል እንዳለው፣ በዚያ ሰሞን በየትኛው እንደሞላ፣ ፊደሉን ሳያሳስት ጽፎት እንደሆነ የሚያውቀው እሱ ብቻ ነው። ስለዚህ ከጎኑ ተቀመጪ፣ ኢሜይሉን እዚያው ፊትሽ ይክፈት፣ ሁለታችሁም ሞክሩ። ስሙንም እሱ እንደጻፈው፣ ልደቱንም እሱ እንደቀየረው ነው መግባት ያለበት። ሦስቱ ነገሮች በገጠሙ ሰዓት ቁጥርሽን ታገኚያለሽ።

ልጁ ሥራ ትቶ ወደ ሌላ አገር ሄዶ ከሆነ፣ ወይም ኢሜይሉን ካላስታወሰ፣ እዚህ ላይ ያበቃል። ኤምባሲው ቁጥሩን ፈልጎ አይሰጥሽም። ዲቪን የሚያስተናግደው የኬንታኪው ቢሮም አይሰጥም፣ ውጤትሽንም በስም ፈልጎ አይነግርሽም። «እኔ እዚያ ሰው አለኝ፣ አስወጣልሻለሁ» የሚል ቢመጣ ገንዘብሽን አትስጪው፤ በስምሽ ገብቶ የሚያወጣበት ሌላ በር የለም።

ቅድም ልመለስበት ያልኩት ይህ ነው። ቁጥሩን ሆን ብለው የማይሰጡ አሉ። ከጥቂት ዓመታት በፊት አንድ የማውቃት ልጅ፣ የት እንደሆነ አልናገርም፣ ስድስት ወር ሙሉ «ቁጥርሽ እኔ ጋ ነው፣ ውጤቱ ሲወጣ እደውልልሻለሁ» ስትባል ቆየች። ውጤቱ ወጣ። ልጁ ደወለ፣ «ደርሶሻል፣ ግን ቁጥሩን ለመውሰድ» ብሎ አንድ ገንዘብ ጠራ። ጠቅላላ ደሞዟን ብታጠራቅም የማይሞላ ገንዘብ ነበር። የሞላችው በእሱ ኢሜይል ስለሆነ መዞሪያ አልነበራትም። ቁጥሩን፣ የአያትሽን ስምና ልደትሽን የያዘ ሰው ደብዳቤሽን ካንቺ ቀድሞ ይከፍታል። ኬዝ ነምበሩን ያያል። ባል የሌላትን «ባል እናስገባልሽ፣ ገንዘቡን እሱ ይከፍላል» የሚለው ድርድር የሚጀመረውም ከዚያ ነው፤ እሱ ደግሞ ቃለ መጠይቁ ላይ በአፍጢም የሚደፋ ነገር ነው። ሁሉም ኢንተርኔት ቤት እንዲህ ነው አልልም። ፔዳ በር ላይ ፎርም ሲሞላ የሚውለው ልጅ ብዙ ጊዜ ተማሪ ነው፣ ሰልፉ ረጅም ነው፣ ፕሪንተሩም እውነት ቀለም የለውም። ቁጥርሽ ግን በተንኮልም በስንፍናም ቢጠፋ ላንቺ ያው ነው።

ስለዚህ ቁርጥ ያለ ምክሬን ስሚኝ። በሚቀጥለው ጊዜ፣ ለየትኛውም ዙር፣ ገጹ ስልክሽ ውስጥ ሳይገባ ከወንበሩ አትነሺ፣ ገንዘቡንም አትክፈዪ። ስትሄጂ በስምሽ ኢሜይል ከፍተሽ ሂጂ። አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው፤ ኢሜይሉንም ልጁ ከሚያየው ኮምፒውተር ላይ ሳይሆን በራስሽ ስልክ ላይ ክፈቺው። ልጁ ሲሞላ ከጎኑ ቁጭ ብለሽ እዪ። ከመላኩ በፊት የሞላውን ሁሉ በስልክሽ አንሺው፤ የስምሽን አጻጻፍ፣ ሙሉ ልደትሽን፣ ኢሜይሉን፣ ካለሽ ባልና ልጆችሽን። ይህ ለምን አስፈለገ ብትዪ፣ ከተላከ በኋላ የሚመጣው ገጽ እነዚህን አያሳይም፣ ተመልሶ ገብቶ ማየትም የለም። ባለትዳር ሆና ባሏ ሳይጻፍ የቀረባት ሰው የምታውቀው ቢደርሳት ቃለ መጠይቅ ላይ ነው፣ ያኔ ደግሞ ያሰርዛታል።

ከዚያ ልኮ ገጹ ሲመጣ እጁን ከማውሱ ላይ ያንሳ። መጀመሪያ በስልክሽ አንሺው። ከላይ እስከ ታች፣ ስሙና ዓመቱ እንዲታይ አድርገሽ፣ ደግሞ ቀረብ ብለሽ ቁጥሩን ብቻ። ከስክሪን ላይ ሲነሳ መስመር መስመር ይሆናል፣ 8ቱን ከ B መለየት ያቅታል፣ ስለዚህ አስፍተሽ አንብቢው። የተሻለው ግን ልጁ Ctrl እና P ተጭኖ Save as PDF ብሎ እንዲያስቀምጥልሽ ነው። ፕሪንተርም ቀለምም አይጠይቅም። «ቀለም የለም» የሚለው ሰበብ እዚያ ላይ ያልቃል። ፒዲኤፉን እዚያው በቴሌግራም ይላክልሽ፣ ስልክሽ ላይ ከፍተሽ እዪው፣ Saved Messages ውስጥ አስገቢው፤ ስልክ ቢጠፋም በሌላ ስልክ ገብተሽ ታገኚዋለሽ። ወደ ኢሜይልሽም ይላክ። ወረቀት ከፈለግሽ በኋላ ሌላ ቤት ታትሚዋለሽ። ቁጥሩን ከፒዲኤፉ ላይ ኮፒ አድርገሽ መለጠፍ ስለምትችይ የ O እና የ 0 ነገር ጨርሶ አይነሳም።

ከኢንተርኔት ቤቱ ሳትወጪ ስሙንና ዓመቱን አንብቢ። የአያትሽ ስም ነው የገባው ወይስ የአባትሽ? ዓመቱ የፈረንጅ ነው? ተሳስቶ ካገኘሽው አሁን አይታረምም፣ ቢያንስ ግን ውጤት ስታዪ ምን መጻፍ እንዳለብሽ ታውቂያለሽ።

አንድ ነገር ደግሞ፣ ገጹን የትም አትለጥፊው። ሞላሁ ብሎ ፌስቡክ ላይ ስክሪንሾት የሚያወጣ ሰው አያለሁ። ገጹ ላይ ስሙም፣ ዓመቱም፣ ቁጥሩም አለ፤ ውጤት ለማየት የሚያስፈልገው ሁሉ ማለት ነው። ያየው ሰው ሁሉ ካንቺ ቀድሞ ገብቶ ያያል።

በመጨረሻ ስለ ጊዜው። የዲቪ 2026 ውጤት የተከፈተው ሚያዝያ 25 ቀን 2017 ነው፣ በፈረንጆቹ ሜይ 3፣ 2025። Entrant Status Check ላይ የሚቆየው ቢያንስ እስከ ሴፕቴምበር 30፣ 2026 ነው፣ መስከረም 20 ቀን 2019 መሆኑ ነው። ይህ ማለት ግን እስከዚያ ድረስ መተኛት ይቻላል ማለት አይደለም። ያው ቀን የቪዛው ራሱ መጨረሻ ነው፣ ቢደርስሽ DS-260 ሞልተሽ፣ ቃለ መጠይቅ ጨርሰሽ ቪዛው ከዚያ በፊት መሰጠት አለበት። ስለዚህ ለገበያ ቀን አታቆዪው። ብጣሿን ወረቀት፣ መታወቂያሽንና ቻርጅ ያለው ስልክ ይዘሽ በጠዋት ከዘጌ ተነሺ። ልጁ ጋ ደንበኛ ሳይበዛ ድረሺ፣ ኢሜይሉን ይክፈትና ከጎኑ ቁጭ በይ።